የማዶው እሳት ያሞቃልን?

ተረት በአፍ ሲነገር ሥዕሉን የሚሥለው ሰሚው ነው። ተረት ሰባኪው «ሌሊቱ ብርዳም ነበር» ባለ ጊዜ እያንዳንዱ ሰሚ እርሱ የሚያውቀውን ብርድ ያስባል። ይኸው ተረት በሚንቀሳቀስ ሥዕል የቀረበ እንደ ሆነ ግን ለኹሉም የሚሥልላቸው አንድ ሠዓሊ ነው፤ እርሱ ከተሳሳተ ተመልካቹ ኹሉ ከእርሱ ጋር ይሳሳታል። ስለዚህ ከአባቶች የተቀበሉትን ተረት ወደ ፊልም የሚመልስ ሰው ምን የማስቀረት፣ ምን የመጠበቅ፣ ምንስ የማደስ መብት አለው ብሎ መጠየቅ የጥበብ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የፍርድ ጥያቄም ነው። ይህን ነገር እንድናስብ ያደረገን ከዚህ ቀጥሎ የምንተርከው ትንሽ አጋጣሚ ነው።

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ በምትገኘው፣ ስሟ ራሱ የቅዳሜን ገበያ በሚያስታውሰው በአዲስ ቅዳም ከተማ፣ ሥዕል የሚወድ አንድ መምህር ወዳጅ አለን። ይህ ወዳጃችን ለተማሪዎቹ የስድስት ደቂቃ የሥዕል ፊልም፣ በዛሬው አነጋገር አኒሜሽን የሚባለውን፣ ለመሥራት አስቦ የታሪኩን ቅደም ተከተል በደብተር ላይ ሥሎ ነበር። አንድ ምሽት በቤቱ ምድጃ ዙሪያ የጎረቤት ልጆች ተሰብስበው ሳሉ «ተረት ተረት» አለ፤ ልጆቹም «የላም በረት» ብለው ተቀበሉት። ከዚያ በኋላ ሥዕሎቹን እያገላበጠ ተረቱን ነገራቸው። ሌሊቱን የሚያሳየው ገጽ ላይ ሲደርስ ዐሥር ዓመት የሚሆናት አንዲት ልጅ ሥዕሉን ትኩር ብላ አየችና «መምህር፣ ጌታውዬው እኮ እውነቱን ነው፤ እሳቱ ፊቱ ላይ እየበራ ነው» አለችው። ልጆቹ ሣቁ። ወዳጃችን ግን አልሣቀም፤ እኛም አልሣቅንም።

የልጅቱ ነገር ለምን እንዳስደነገጠን ለመረዳት ተረቱን በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። አንድ ባለጠጋ አገልጋዩን «በተራራው ራስ ላይ ያለ ልብስና ያለ እሳት አንዲት ሌሊት ቆመህ ካደርህ ቤትና መሬት ከብትም እሰጥሃለሁ» ብሎ ይወራረደዋል። አገልጋዩ ይፈራና ወደ አንድ አዋቂ ሽማግሌ ሄዶ ይማከራል። ሽማግሌውም «ከማዶ ባለው ተራራ ላይ እሳት አነድልሃለሁ፤ እርሱን እያየህና ስለ እኔም እያሰብህ እደር» ይለዋል። ሰውዬው እንደ ተባለው አድርጎ በሕይወት ይነጋለታል። ጌታው «እንዴት አደርህ?» ብሎ በጠየቀው ጊዜ ምንም ሳይደብቅ የማዶውን እሳት ሲያይ ማደሩን ይነግረዋል። ጌታውም «እንግዲያውስ በእሳት ሞቀሃልና ተረትተሃል» ይለዋል፤ ዳኛውም ይህንኑ ያጸናል። ከዚያ በኋላ ታላቅ ግብዣ ይደገሳል፤ ጌታውና ዳኛው ይጠራሉ፤ የወጡ ሽታ ቤቱን ይሞላል፤ ነገር ግን መብል አይቀርብም። እንግዶቹ ተርበው ሲጠይቁ «ሰው እሳት በማየት ከሞቀ እናንተም ወጥ በማሽተት ጠግባችኋል» የሚል መልስ ያገኛሉ። ጌታውም ያፍራል፤ ዕዳውን ይከፍላል።

ይህን ተረት ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው የሚባሉ ሁለት ሰዎች ከሌሎች የኢትዮጵያ ተረቶች ጋር ሰብስበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 በእንግሊዝኛ አሳትመውታል፤ የመጽሐፉም ርእስ ከዚሁ ተረት የተወሰደ ነው። ልጅነቷን በኢትዮጵያ ያሳለፈችው አሜሪካዊት ደራሲ ጄን ከርትዝ ደግሞ በ1994 ለሕፃናት በሥዕል መጽሐፍ አቅርባዋለች። በሕንድ አገርም ስለ ንጉሥ አክባርና ስለ ብልሁ ባለሟሉ ስለ ቢርባል ከሚነገሩት ተረቶች መካከል የዚህ ዘመድ የሆነ አንድ አለ፤ በዚያኛው ቢርባል የግብዣውን ስፍራ የሚይዝ ሌላ ዘዴ ያመጣል፤ ድስቱን ከትንሽ እሳት በላይ እጅግ አርቆ ይሰቅልና ንፍሮውን «እየበሰለ ነው» ይላል። እንግዲህ ተረቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ተለውጧል። «ተረት አይነካም» የሚል ሰው ተረት እንዴት እንደሚኖር አላስተዋለም። ጥያቄው የትኛው ለውጥ ተረቱን ያኖረዋል፣ የትኛውስ ይገድለዋል የሚለው ነው።

ይህን ለመለየት ከወዳጃችን ጋር አንድ ቀላል መንገድ ተከተልን። የተረቱን ክፍሎች እያንዳንዳቸውን በአንድ አንድ መስመር ጻፍናቸው፤ ቀጥሎም አንዱን መስመር በወረቀት እየሸፈንን የቀረው ተረት ይቆም እንደ ሆነ አየን። የባለጠጋው ስም ሲሸፈን ምንም አልጎደለም። የተራራው ስም ሲሸፈንም እንዲሁ። በሕንዱ ተረት እንደምናየው ግብዣው እንኳ ቢሸፈን በሌላ ዘዴ ሊተካ ይችላል። አንዲት መስመር ግን ከሸፈንናት ኹሉም ይፈርሳል፤ እርስዋም አገልጋዩ እሳቱን ማየቱን በገዛ አንደበቱ የተናገረባት መስመር ናት።

ወዳጃችን በመጀመሪያው ሥዕሉ ይህችን መስመር ትቷት ነበር። ንግግር በሥዕል ፊልም አስቸጋሪ ስለ ሆነ የጌታው ሰላዮች ከቋጥኝ ጀርባ ተደብቀው እሳቱን እንዲያዩት አድርጎ ነበር። ለዓይን ደስ ይላል፤ ሰላይ ሲሹለከለክ ልጆችን ያሥቃል። ነገር ግን ሰውዬው በሰላይ የተያዘ እንደ ሆነ ተረቱ የሚነግረን ስለ አንድ ብልጥ ሰው መጋለጥ ነው። ራሱ የተናገረ እንደ ሆነ ግን እውነት መናገሩ ያስከተለበትን ጥፋት ያሳየናል። ዝም ቢል ኖሮ ቤቱንና ከብቱን ይወስድ ነበር። ጌታው ያደረገው በደል ዕዳ መካድ ብቻ አይደለም፤ የአንድን ሰው ቅንነት ወስዶ በራሱ ላይ ማስረጃ ማድረግ ነው። ይህንን በደል የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው፤ ከዚህ የተነሣ «ሁለተኛ እውነት አልናገርም» ያለም ብዙ ነው። ስለዚህ ሰላዮቹ እንዲወጡ፣ ሰውዬውም በዝግታና በግልጽ እንዲናገር ተስማማን።

አሁን ወደ ልጅቱ ቃል እንመለስ። ወዳጃችን ሌሊቱን ሲሥል ሰማዩን በጥቁር ሰማያዊ፣ እሳቱን በቀይና በብርቱካን ቀለም አድርጎ፣ ሥዕሉ እንዳይጨልም ብሎ የሰውዬውን ጉንጭና ትከሻ በዚያው በእሳቱ ቀለም ነክቶት ነበር። ይህ የሠዓሊዎች ኹሉ ልማድ ነው፤ ብርሃን ካለ ብርሃኑ የሚያርፍበት ነገር ይፈለጋል። በዚህ ተረት ግን ያች አንዲት የቀለም ንክኪ የሐሰት ምስክር ሆነች። በቃል ሲነገር «ከማዶ እሳት አየ» እንላለን፤ ቃሉ ስለ ሙቀት ምንም አይመሰክርም። በሥዕል ሲሆን ግን በጉንጩ ላይ ያለው ብርቱካናማ ቀለም «ደርሶታል» ብሎ ይመሰክራል። ልጅቱ በዓይንዋ ያየችውን ማስረጃ መዝና ፈረደች፤ በቀረበላት ማስረጃ መሠረት ፍርዷ ትክክል ነበር።

የተፈጥሮ ሕግም ለአገልጋዩ ይመሰክርለታል። ከእሳት የሚመጣው ሙቀት ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ወደ ዘጠነኛ እጅ ይወርዳል። በአንድ ሜትር ርቀት ደስ የሚያሰኝ እሳት በሁለት ሺህ ሜትር ርቀት ከአራት ሚሊዮን አንድ እጅ ብቻ ይሆናል፤ ይህን ያህሉን ቆዳ ሊያውቀው አይችልም። ስለዚህ ሥዕሉ እንዲህ ተስተካከለ። እሳቱ ነበልባልነቱ እንኳ የማይለይ፣ ከኮከብ ጥቂት የሚበልጥ አንዲት ነጥብ ብቻ እንዲሆን ተደረገ። የሰውዬው አካል በሙሉ በቀዝቃዛው የሌሊት ቀለም ተሣለ፤ ከእሳቱ ቀለም አንዲት ጠብታ እንኳ በእርሱ ላይ አላረፈም። ነጥቢቱ የምትታየው በዓይኑ ብሌን ውስጥ ብቻ ነው። ይህች በዓይን ያለች ብርሃን እውነት ናት፤ እሳቱ ወደ እርሱ የደረሰው በማየት ነበርና። ሙቀት ሳይሆን ተስፋ ሰጠው፤ የተከለከለው ደግሞ መሞቅ ነበር እንጂ ተስፋ ማድረግ አልነበረም።

ሁለተኛው ችግር የግብዣው ሽታ ነው። ፊልም ይታያል፣ ይሰማል፤ አይሸትም። የሥዕል ፊልም ሠሪዎች ሽታን ለማሳየት በአየር ላይ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ጭስ መሰል መስመር መሣል ለምደዋል። ወዳጃችንም እንዲሁ አድርጎ መስመሩን ከድስቱ እስከ ጌታው አፍንጫ ስቦት ነበር። ይህም እንደ ፊተኛው ያለ ስሕተት ነው። ሽታው ቅርጽና ቀለም ካገኘ ለእንግዶቹ አንድ ነገር የተሰጣቸው ይመስላል፤ የተረቱ ክርክር ግን እሳቱ ለሰውዬው ያልደረሰውን ያህል ወጡም ለእንግዶቹ አልደረሰም የሚል ነው። ሁለቱ ሚዛኖች እኩል እንዲሆኑ ሁለቱም በአንድ ዓይነት መሣል አለባቸው። ስለዚህ መስመሩ ተሰርዞ በድምፅ ተተካ፤ ሽንኩርት በድስት ሲቁላላ፣ ቡና በሙቀጫ ሲወቀጥ ከመጋረጃው በስተኋላ ይሰማል፤ በሥዕሉ ላይ የሚታየው ግን ባዶ ገበታና ወደ መጋረጃው የሚመለከቱ ፊቶች ብቻ ናቸው። እንግዶቹ መጋረጃውን የሚያዩት ሰውዬው የማዶውን ነጥብ ባየበት በዚያው አኳኋን፣ አንገታቸውን በዚያው ልክ አቅንተው ነው። ተመልካቹ ልጅ ማንም ሳይነግረው ሁለቱን ሥዕሎች ያመሳስላቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና ገጠመን። የሕንዱ የተሰቀለ ድስት ለዓይን እጅግ የተመቸ ነው፤ እሳቱም ድስቱም በመካከላቸው ያለው ርቀትም በአንድ ሥዕል ይታያሉና። ለምን አንዋሰውም? ብዙ ካሰብን በኋላ ግብዣውን መረጥን። ምክንያቱም በእኛ አገር ሰውን ጠርቶ ሳያበሉ መስደድ ትልቅ ነውር ነው። ግብዣው ጌታውን ስሕተቱን በልቡናው እንዲረዳ ብቻ ሳይሆን ተስፋ የተሰጠው ሰው ተስፋው ሲነፈገው ምን እንደሚሰማው በሆዱ እንዲያውቀው ያደርገዋል። የተሰቀለው ድስት ትክክለኛ ክርክር ነው፤ የእኛው ግን ክርክርም ቅጣትም ነው።

ስለሚቀነሰው ነገር ጥቂት እንበል። በቀደመው አነጋገር ሰውዬው ያለ ልብስ ራቁቱን ያድራል። ለሕፃናት የሚቀርብ ፊልም ይህን መያዝ አለበትን? የውርርዱ ሕግ የሚሞቅበት ነገር እንዳይኖረው እንጂ እንዲዋረድ አይደለም ብለን ስላሰብን ስስ እጀ ጠባብ ተውንለት፤ ጋቢውን ግን ጌታው ራሱ ከትከሻው አውርዶ፣ አጣጥፎ በእቅፉ ይዞት ይሄዳል። ጋቢ ሲወሰድ የሚሰማውን ብርድ የአዲስ ቅዳም ልጅ ያውቀዋል። ነገር ግን ከሥዕል ፊልም ልማድ አንዱን ከለከልን፤ የሰውዬው መንቀጥቀጥ ጥርሱ እየተፋጨ፣ ጉልበቱ እየተጋጨ እንዲያሥቅ ተደርጎ አይሣል። የሞተ እንደ ሆነ የሚሞተው በብርድ ነው፤ በብርዱ የሣቀ ልጅ በኋላ በፍርዱ ሊቆጣ አይችልም።

የጊዜውም ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በፊልም አንዲት ሴኮንድ 24 ምስሎች አሏት፤ አንዱን ሥዕል ለሁለት ምስል ያህል ቢያቆዩት በሴኮንድ 12 ሥዕል ይበቃል። ስድስት ደቂቃ 360 ሴኮንድ ነውና 4,320 ሥዕል ይጠይቃል። ብቻውን የሚሠራ መምህር ይህን ያህል መሣል ስለማይችል ምስሉ ጸጥ ብሎ የሚቆይባቸውን ቦታዎች መፈለጉ ግድ ነው። ወዳጃችን በድካም ብዛት ሌሊቱን ወደ ዐሥር ሴኮንድ ሊያሳጥረው፣ በግብዣው ላይ ግን ሊያስፋፋ አስቦ ነበር። እኛ የመከርነው ተቃራኒውን ነው። ሌሊቱ አንድ ደቂቃ ተኩል ይሁን፤ ሥዕሉ ግን እጅግ ጥቂት ይሁን፤ ከዋክብት ቦታቸውን ይለውጡ፣ የሰውዬው ትንፋሽ ይታይ፣ ሌላው ዝም ይበል። ብዙ ሥዕል የማይጠይቀው ክፍል ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ክፍል ሆኖ መገኘቱ መልካም ዕድል ነው። ሌሊቱ ካጠረ ውርርዱ ቀላል ይመስላል፤ ውርርዱ ከቀለለም በደሉ ይቀላል።

ስለ ማደስም ሁለት ነገሮች ተነሥተው ነበር። የመጀመሪያው ሽልማቱ ነው። ወዳጃችን ታሪኩ በዛሬዋ አዲስ ቅዳም እንዲሆን ፈለገ። ዛሬ ግን ባለጠጋ ለአገልጋዩ የእርሻ መሬት ቆርሶ ሊሰጥ አይችልም፤ ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ጀምሮ የገጠር መሬት የግል ንብረት መሆኑ ቀርቷልና። የዛሬ ልጅ መሬት የሚሰጥ ጌታ ቢያይ ወይ ሕጉን በስሕተት ይማራል፣ ወይም ጌታው ከመጀመሪያውም የሌለውን ቃል ገባ ብሎ ያስባል፤ ያ ደግሞ ሌላ ተረት ይሆናል። ስለዚህ ታሪኩን ወደ ዛሬ ያመጣ ሰው ሽልማቱን ጥማድ በሬ፣ ወይም በአዊ አገር ክብር ያለውን ፈረስ ሊያደርገው ይገባል። ሁለተኛው እሳቱ ነው። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ዲከረንስ የሚባለው ግራር ተተክሎ ከሰል የሚከስልበት ስለ ሆነ ወዳጃችን የማዶውን እሳት የከሰል ክምር ሊያደርገው ወደደ። አገሩን የሚመስል፣ ደስ የሚል ኀሳብ ነው፤ ነገር ግን አይሆንም። የከሰል ክምር በአፈር ተሸፍኖ በዝግታ የሚጤስ እንጂ የሚነድ አይደለም፤ ነበልባሉ ከወጣ ከሰሉ አመድ ይሆናል። ከማዶ ሆኖ በሌሊት የሚታይ ነገር የለውም። ከዚህም በላይ ከሳዩ እሳቱን የሚያነደው ለሥራው ነው፤ በተረቱ ግን ሽማግሌው ሌሊቱን ሙሉ የሚነቃው ለሰውዬው ብሎ ነው። እሳቱን ዋጋ ያለው ያደረገው ከበስተኋላው አንድ ሰው መኖሩ ነው። ስለዚህ የሽማግሌው እሳት እንደ ነበረ ቀረ፤ ታሪኩም ወደ ቀደመው ዘመን ተመለሰ፤ ከአዲስ ቅዳም የተወሰደው የደጋው ጉም፣ የቀርቀሃው አጥርና ፈረሱ ብቻ ነው። ቋንቋውንም በተመለከተ ተራኪው በአማርኛም በአገውኛም እንዲተርከው ሆኖ ተዘጋጀ፤ ለዚህም ሲባል ሰዎቹ ሲናገሩ ከንፈራቸው በቅርብ አይሣልም፤ ከንፈር ከአንዱ ቋንቋ ጋር ከተስማማ ከሌላው ጋር ይጣላልና።

የቀረው ማብቂያው ነው። በዚህ ነገር የሚያስተምር አንድ የውጭ ምሳሌ አለ። ፈረንሳዊው ሚሼል ኦስሎ በ1998 ስለ ሕፃኑ ኪሪኩና ስለ ጠንቋይቱ ካራባ የሚተርክ የሥዕል ፊልም ከምዕራብ አፍሪካ ተረት አውጥቶ ሠራ። በተረቱ ሕፃኑ ጠንቋይቱን ይገድላታል። ኦስሎ ግን ሕፃኑን «ካራባ ለምን ክፉ ሆነች?» ብሎ እንዲጠይቅ አደረገው፤ መልሱም በጀርባዋ የተተከለ እሾህ ሆነ፤ እሾሁ ሲነቀል ክፋቷም ተነቀለ። አንዳንድ የውጭ አገር ቴሌቪዥኖች ግን የሴቶቹን ደረት እንዲሸፍን በጠየቁት ጊዜ እምቢ አለ። በአንዱ በኩል የተረቱን መጨረሻ ለወጠ፤ በሌላው በኩል ልብሱን አልለወጠም። ይህ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። የመጀመሪያው ለውጥ ከተረቱ ውስጥ ለተነሣ ጥያቄ መልስ ነው፤ ሁለተኛው ግን ከውጭ ለመጣ እፍረት መገዛት ይሆን ነበር። እኛም እጀ ጠባቡን ስንተው ምክንያታችን ከውርርዱ ሕግ የመጣ መሆኑን ደግመን የመረመርነው ስለዚህ ነው።

በዚሁ ሚዛን የራሳችንን ማብቂያ መዘንነው። ተረቱ ውስጥ ያልተመለሰ አንድ ጥያቄ ቀርቷል፤ እንግዶቹስ ተርበው ይሂዱን? ዳኛው ካፈረ፣ ጌታውም ዕዳውን ከከፈለ በኋላ ወጡን መከልከል ጌታው የሠራውን መድገም ነው። ስለዚህ በመጨረሻው ሥዕል መጋረጃው ይገለጣል፤ ገበታው ይቀርባል፤ አገልጋዩም ከጌታው ጎን ይቀመጣል፤ ጋቢው ወደ ትከሻው ይመለሳል። ቃል አይነገርም። ጌታው የማዶውን እሳት ላነደደው ሽማግሌ የመጀመሪያውን ጉርሻ ያጎርሳል።

ወዳጃችን እነዚህን ሥዕሎች ገና ሳይንቀሳቀሱ በየሰዓታቸው ደርድሮ፣ ድምፁንም ጨምሮ፣ ለእነዚያው ልጆች አሳያቸው። 4,320 ሥዕል ከመድከም በፊት ስሕተትን ማወቂያው ይህ ነው። ፊልሙ በዳኛው ፍርድ ላይ ሲደርስ አቆመውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ «ሰውዬው ሞቋልን?» አላቸው። ያች ልጅ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ሥዕሉን መረመረች፤ ቀጥላም «አልሞቀም፤ ግን ብቻውን አልነበረም» አለች።

ተረቱን የሰጡን ሰዎች ልጅቱ የተናገረችውን በዚህ ቃል አልተናገሩትም ይሆናል። እኛ ግን ሥዕሉ በትክክል መመስከሩን ያወቅነው በዚህ ነው። ከተረት ላይ ብዙ ነገር ሊቀነስ፣ ብዙም ሊታደስ ይቻላል፤ ሠዓሊው ግን በተበደለው ሰው ላይ በቀለሙ እንዳይመሰክር ይጠንቀቅ። በተረቱ ውስጥ አንድ ዳኛ ተሳስቷል፤ ሁለተኛ የተሳሳተ ዳኛ መጨመር አያስፈልግም።